«እማ፣ መጀመሪያ የሸጥሽው ምን ነበር?»

በስልክ ተቀርጸው በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለቀቁ የሱቅ ታሪኮች አጀማመራቸው ይመሳሰላል። ባለሱቁ መደርደሪያውን ከኋላው አድርጎ ይቆማል፣ ጉሮሮውን ያጸዳል፣ ከዚያም «ድርጅታችን በ2010 ዓ.ም. ተመሥርቶ ጥራታቸውን የጠበቁ ምርቶችን ለኅብረተሰቡ በማቅረብ ላይ ይገኛል» ይላል። ይኸው ሰው ቀረጻው አልቆ ቡና ሲቀርብ «ለመሆኑ እንዴት ጀመርከው?» ቢባል ግን እንዲህ ብሎ አይመልስም። ስለተዋሰው ሚዛን፣ ስለመጀመሪያዋ ደንበኛ፣ ኪራይ መክፈል ስላቃተው ወር ያወራል። ቪዲዮው ውስጥ መግባት የነበረበት እሱ ነው። ስክሪፕትም የሚጻፈው ለዚሁ ነው፤ ሰውየው ቡና ላይ የሚያወራውን ካሜራ ፊት ሲቆም እንዳይጠፋበት።

ባለቤት የራሱን መሥሪያ ቤት መቅረጹ አዲስ ነገር አይደለም። የፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ነዋሪዎች የነበሩት የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ከቀረጿቸው የመጀመሪያ ፊልሞች አንዱ ሠራተኞች ከራሳቸው ፋብሪካ በር ሲወጡ የሚያሳይ ነው። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከአንድ ጊዜ በላይ ስለቀረጹትም ዛሬ ሦስት ዓይነት ቅጂው ይታወቃል። ዛሬ አንድ ባለሱቅ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ሲቀርጽ የሚያሳፍረው ነገር የለም።

ከቅርቡ ደግሞ የሶል ሬብልስ ጫማ መሥራች የቤተልሔም ጥላሁን ታሪክ አለ። ድርጅቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ነው። ስለ እሱ ያነበበ ሰው የካፒታሉን መጠን ቢረሳ እንኳ በረባሶውን አይረሳም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን ያንን የድሮ ጫማ ሁሉም የሰፈር ሰው ያውቀው ነበር፤ እሷ አዲስ መልክ ሰጥታ ውጭ አገር ሸጠችው። የድርጅቱን ታሪክ ሁሉ አንድ ዕቃ ተሸክሞታል። የትንሿ ሱቅ ስክሪፕትም ከዓመተ ምሕረት ሳይሆን ከእንዲህ ያለ ዕቃ ቢጀምር ይሻለዋል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ መከተል ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ የሚሸጡ አንዲት የባልትና ባለሱቅ አሉ እንበል። የሰፈሩ ሰው እትዬ ይላቸዋል። ስልኩን የምትይዘው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ልጃቸው ናት። የመጀመሪያው ቀረጻ ከላይ እንደተባለው ዓይነት ነበር፤ «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን» ተብሎ ተጀመረ፣ «ጥራት መለያችን ነው» ተብሎ አለቀ። ልጅቷ ደግማ ስታየው የእናቷን ድምፅ እንኳ ማወቅ አቃታት። በዕለት ተዕለት ንግግር «አስፈጨሁ» የሚሉት ሴት «የማስፈጨት ሥራ ተከናውኗል» እያሉ ነበር።

መፍትሔው በወረቀት አልጀመረም። ልጅቷ እናቷ በርበሬ እየቀነጠሱ ሳለ ስልኩን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋ አጠገባቸው አስቀመጠችና ጥያቄ መጠየቅ ጀመረች። «ሱቁ እንዴት ተመሠረተ?» ብላ አልጠየቀችም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚያመጣው ያንኑ የቢሮ ቋንቋ ነው። የጠየቀችው ትንንሹን ነው። «እማ፣ መጀመሪያ የሸጥሽው ምን ነበር? ስንት ኪሎ? ለማን? በምን መዘንሽው? ልትተዪው የደረስሽበት ጊዜ ነበር?» እናትየው እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር ስለ አነጋገራቸው አላሰቡም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ።

ከዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ለቪዲዮ የሚሆነው በጣም ጥቂት ነው፤ አስቸጋሪውም ሥራ እዚህ ላይ ነው። እትዬ ስለ ባለቤታቸው ሕመም ተናግረዋል፣ ሱቁ ሦስት ጊዜ ቦታ መቀየሩን ተናግረዋል፣ ልጆቻቸውን በምን እንዳስተማሩም ነግረዋታል። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ያሳዝናል ወይም ያኮራል። ሁሉም አንድ ደቂቃ ውስጥ ሲታጨቅ ግን ተመልካቹ አንዱንም አይዝም። ልጅቷ የመረጠችው አንድ ክር ነው፦ በርበሬው። የት እንደተጀመረ፣ እንዴት እንደተበላሸ፣ ዛሬ ለምን በዚህ መንገድ እንደሚዘጋጅ። ከዚህ ክር ውጭ የሆነው ሁሉ ለሌላ ቀን ተቀመጠ። የወጣው ስክሪፕት ይህ ነው።

«መጀመሪያ የሸጥኩት ሦስት ኪሎ በርበሬ ነው። ሱቅ አልነበረኝም። ሚዛንም አልነበረኝም፤ ከጎረቤት ተውሼ ነው የመዘንኩት።

«ልጇ ዱባይ የምትሠራ ጎረቤት ነበረችኝ። ለልጄ የምልከው በርበሬ አዘጋጂልኝ አለችኝ፣ አዘጋጀሁላት። ልጅቷ አብረዋት ለሚኖሩት አቀመሰቻቸው። በወሩ አምስት ሰው አዘዘኝ።

«እቁብ ሲደርሰኝ ይቺን ቤት ተከራየሁ፣ በ2010። ደንበኛ በዛልኝ ብዬ በሐምሌ ብዙ በርበሬ አስፈጨሁ። ፀሐይ የለም። ደርቋል ብዬ ነው እንጂ አልደረቀም ነበር፤ ውሎ ሳያድር ሻገተ። የሸጥኩትን ከየቤቱ ሰብስቤ ገንዘባቸውን መለስኩ። የእቁቡ ብር በዚያው አለቀ።

«ከዚያ ወዲህ በክረምት በርበሬ አላዘጋጅም። የዓመቱን በበጋ አድርቄ፣ አስፈጭቼ እይዛለሁ። ዛላውን ሰብሬ አየዋለሁ፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ዝም ካለ አልደረቀም። ኑና ራሳችሁ ሰብራችሁ እዩት።»

ይህ ረጋ ተብሎ ሲነገር ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ርዝመትን ለማወቅ ቃል መቁጠር አያስፈልግም፤ የስልኩን ሰዓት መቁጠሪያ ከፍቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል። ጮክ ብሎ ማንበቡ ሌላም ጥቅም አለው። ትንፋሽ የሚያሳጥር ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያው ይታወቃል፣ ለሁለት ይከፈላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ያዘጋጀሁትንና ለጎረቤቴ ልጅ የላኩትን ከዚያም የተወደደልኝን በርበሬ» እያለ የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ተመልካቹን ነገሩ ምን ሆነ እያለ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ወረቀት ላይ ሲሆን ዓይን ተመልሶ ያነባል፤ ቪዲዮ ላይ ግን ጣት ወደሚቀጥለው ይገፋል።

የስክሪፕቱ ልብ ሐምሌ ነው። ብዙ ባለሱቆች እንዲህ ያለውን ክፍል ማውጣት ይፈልጋሉ፤ ሻገተ ብሎ መናገር ዕቃን ማማት ይመስላቸዋል። እትዬም መጀመሪያ «ይሄማ ይቅር» ብለዋል። ሐምሌው ከወጣ ግን የሚቀረው «ጥሩ በርበሬ አለኝ» የሚል ወሬ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ይላል። ከየቤቱ ሰብስቦ ገንዘብ መመለሱ ነው ሰውየውን የሚያሳምነው። ነገሩ ከባልትና ሙያ ጋርም ይገጥማል። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም ወጥ ውስጥ በመፍላቱ ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ ማድረቁ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው፣ ተመልካቹ ማወቁም ይጠቅመዋል። ባለሱቋ የሠሩትንና ያዩትን ይናገራሉ እንጂ «የእኛ በርበሬ ለዚህ በሽታ ፍቱን ነው» ወደሚል ነገር መሄድ የለባቸውም። እንዲህ ያለው ንግግር ሐሰት ከመሆኑም በላይ ከፊቱ የተነገረውን እውነት ሁሉ ያጠራጥራል።

ዓመተ ምሕረቱ እንዳልጠፋ ልብ ይሏል። አንድ ጊዜ ብቻ ገባ፣ ያውም ከእቁቡ ጋር ተያይዞ። ቪዲዮው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ እጅ የሚደርስ ከሆነ ስር በሚጻፈው ጽሑፍ ላይ «2010 ዓ.ም.» ብሎ መጻፉ ይረዳል፤ ያለዚያ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የለመደ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይገፋዋል።

አሁን ወደ ቀረጻው። ትንሽ ሱቅ ለካሜራ የማይመች ቤት ነው። በሩ ብቻ ይበራል፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ባለሱቁ በሩን ከኋላው አድርጎ ከቆመ ስልኩ ለደጁ ብርሃን ይስተካከልና ፊቱን ጥቁር ጥላ ያደርገዋል። ስለዚህ ፊት ወደ በሩ መዞር አለበት። ቀራጩ በሩ ላይ ጀርባውን ለደጅ ሰጥቶ ይቆማል፣ ባለሱቋ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይቀመጣሉ፣ መደርደሪያው ከኋላቸው ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣት ተጭኖ ጥቂት መያዝ ነው፤ አብዛኞቹ ስልኮች ብርሃኑንና ጥራቱን እዚያው ይቆልፉታል፣ ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥርም ምስሉ አይዋዥቅም። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በቀጥታ ወደ ውስጥ የማትገባበት ነው።

አምፖል ማብራት ግድ ከሆነ አንድ ችግር ይከተላል። ቪዲዮው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተቱ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ስልኩ ግን ደህና ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ብዙ ዘንግ አምፖልና ርካሽ ኤልኢዲ በዚህ የተነሣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ስልኮች በአብዛኛው በሰከንድ 30 ምስል ያነሣሉ፤ 100 ደግሞ ለ30 እኩል አይካፈልም። ወደ 25 ሲቀየር እኩል ስለሚካፈል መስመሩ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። በአይፎን ይህ ምርጫ የሚመጣው በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ Show PAL Formats የሚለው ሲከፈት ነው። ሌሎች ስልኮች ላይ ምርጫው ከሌለ አምፖሉን አጥፍቶ በበሩ ብርሃን መሥራት ነው፤ እሱም ያምራል።

በእንዲህ ያለ ቪዲዮ ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። የስልክ ማይክ ሁለት ሜትር ርቆ ሲሄድ የሚይዘው የባለሱቋን ድምፅ ሳይሆን የማቀዝቀዣውን ጩኸትና የሚኒባሱን ረዳት ጥሪ ነው። ማቀዝቀዣው ለዚያች ሩብ ሰዓት ከሶኬት ይነቀላል፤ ሲያልቅ መልሶ ለመሰካት እንዳይረሳ የባለሱቋን የሱቅ ቁልፍ ማቀዝቀዣው ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለተኛ ስልክ ካለ ድምፅ መቅጃው ተከፍቶ ከባለሱቋ ፊት፣ ካሜራ በማያየው በኩል፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይቀመጣል። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ያስፈልጋል። በኋላ በካፕካት ወይም በሌላ ማቀናበሪያ ሁለቱ ሲገጣጠሙ የጭብጨባው ድምፅ ከእጆቹ መገናኘት ጋር እንዲውል ይደረጋል። የባልትና ሱቅ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ የጆንያ ክምር የድምፅን ማስተጋባት ይውጣል። በቆርቆሮ የተሠራ ኮንቴይነር ሱቅ ግን ያስተጋባል፣ ስለዚህ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ካሜራ በማያየው ግድግዳ ላይ መስቀል ይረዳል።

ከመጀመሩ በፊት የሚደረጉ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ስልኩን ከኔትወርክ ማውጣት፣ የአውሮፕላኑን ምልክት መጫን ነው፤ ብዙ ስልክ ላይ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ይቋረጣልና። ሁለተኛው ሌንሱን መጥረግ ነው። በርበሬ ቤት ውስጥ ብናኙ ሌንሱ ላይ ይቀመጥና ምስሉን ጭጋጋማ ያደርገዋል፤ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በሽርጥ አይደለም። ስልኩም ባዶ ቦታ ይኑረው፦ በ1080p የተቀረጸ አንድ ደቂቃ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፣ ያውም ለአንዱ ሙከራ ብቻ።

እትዬ ስክሪፕቱን በቃላቸው እንዲይዙ አልተደረገም። በቃል የተያዘ ንግግር ዓይንን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል። ልጅቷ ስክሪፕቱን አራት ቦታ ከፈለችውና ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ጥያቄዋን ጠየቀች። «እማ፣ መጀመሪያ የሸጥሽው ምን ነበር?» ስትላቸው እናት ለልጃቸው መለሱ፤ ጥያቄው በኋላ ተቆርጦ ወጣ። አንዱ ክፍል ሲበላሽ ያንኑ ብቻ ይደግማሉ። ለተመልካች እንጂ ለስልክ የማያወሩ ከሆነ ዓይናቸው ካሜራውን ባይመለከትም ጉዳት የለውም፤ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን ልጃቸውን ማየታቸው ይበቃል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ምስሎች ለብቻ ይነሣሉ። እጅ ዛላ ሲቀነጥስ፣ ሸራ ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ ሚዛኑ፣ ወንፊቱ፣ ዛላው ሲሰበር። እያንዳንዱን ስልኩን ሳያንቀሳቅሱ አሥር ሰከንድ ያህል መያዝ ያሻል፤ የሚገባው ሦስት ሰከንድ ቢሆንም የሚቆረጥበት ቦታ መኖር አለበት። የዛላው መሰበር ስልኩ በጣም ተጠግቶ ድምፁም እንዲያዝ ሆኖ ይቀረጻል፤ ስክሪፕቱ «ቀጭ ካለ» ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ይህ ድምፅ ካለ ዘፈን ከጀርባ ማስገባት ብዙም አያስፈልግም። የሌላ ሰው ዘፈን ያለፈቃድ ከገባ ዩቲዩብ ለይቶ ሊያግደው ይችላል፣ ቲክቶክም ለንግድ አካውንቶች የሚፈቅደው የዘፈን ክምችት የተወሰነ ነው።

ያለፈው ነገር ምስል ከየት ይመጣል? የ2010ሩን ሱቅ ማንም አልቀረጸውም። እዚህ ላይ ያለው ፈተና የድሮውን አስመስሎ መቅረጽ ነው፦ ጎረቤትን ማስለቀስ፣ የሻገተ በርበሬ ማስመሰል። ተመልካቹ ትወናውን ወዲያው ያውቀዋል፣ እውነተኛውንም አብሮ ይጠረጥረዋል። አንድ የቆየ ፎቶ ካለ ባለሱቋ በእጃቸው ይዘው ያሳዩት። ከሌለ የቀረ ዕቃ ይበቃል። ያቺ ሚዛን አሁንም ጎረቤት ቤት ካለች ሄዶ መቅረጽ ነው። የዱቤ መዝገብም ድንቅ ዕቃ ነው፣ የሱቁ ዕድሜ ሁሉ እሱ ላይ ተጽፏል፤ ግን ሲከፈት የሰው ስምና የዕዳ ልክ ይታያል። ሽፋኑን ብቻ ማሳየት፣ አለዚያም ባዶ ገጽ መግለጥ ይገባል። ሐምሌ ላይ በርበሬ መልሰው የሰጡት ደንበኞችም ሆኑ ልጇን ዱባይ የላከችው ጎረቤት በስማቸው አይጠሩም፣ ካልፈቀዱ በቀር ፊታቸውም አይታይም።

ሲቀናበር የአማርኛው ጽሑፍ ምስሉ ላይ ይገባል፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነውና። ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ በአንድ ጊዜ ከአራትና አምስት ቃል አይበልጥ። ግርጌ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ቲክቶክ የአካውንቱን ስምና መግለጫ የሚደርበው እዚያው ስለሆነ ይሸፈናል። ከፍ ብሎ፣ ከባለሱቋ አገጭ በታች ያለው ቦታ ይመቻል።

ከመለቀቁ በፊት ሱቁን ለማያውቅ አንድ ሰው ማሳየት ተገቢ ነው። «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ወደድኩት ይላል። የሚጠየቀው «ምን አየህ? ንገረኝ» ተብሎ ነው። ሰውየው «ሴትየዋ በክረምት በርበሬ ተበላሽቶባቸው ገንዘብ መለሱ፣ አሁን በበጋ ብቻ ነው የሚያዘጋጁት» ካለ ስክሪፕቱ ሠርቷል። «ጎበዝ ሴት ናቸው፣ ብዙ ለፍተዋል» ካለ ግን የሆነ ቦታ ክሩ ተበጥሷል፤ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ ሊወጣ የሚገባው ሁለተኛ ታሪክ ውስጥ መቅረቱ ነው። የእትዬ ልጅ መጀመሪያ ያቀናበረችው ላይ የሱቁ ሦስት ጊዜ መዛወር ገብቶ ነበር። ያየችው ጓደኛዋ የያዘችው እሱን ብቻ ሆነ፣ በርበሬውን አላነሣችም። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ፣ ስምንት ሰከንድም ቀነሰ።

የሱቁ አድራሻ በስክሪፕቱ ውስጥ አለመኖሩ ሳይታሰብ የሆነ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አቅጣጫ የሚነገረው በምልክት ነው፦ ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ከቀዩ በር አጠገብ። በድምፅ የተነገረ ምልክት መድኃኒት ቤቱ ሲዘጋ ወይም መንገዱ ሲሰፋ ሊታረም አይችልም፤ ቪዲዮው ግን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ዓመታት ይዞራል። ሦስት ጊዜ ለተዛወረ ሱቅ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ አድራሻውና ስልክ ቁጥሩ ቪዲዮው ስር በጽሑፍ ገብተዋል፤ እትዬ አራተኛ ጊዜ ቢዛወሩ ልጅቷ የምትቀይረው ያንን መስመር ብቻ ነው።